የደመወዝተኛ የጎን ገቢ ታክስ (ፔትዎርዝ)

በዋሽንግተን ዲሲ ፔትዎርዝ ሰፈር የሚኖር ደመወዝተኛ ማታ ማታ ምግብ በማድረስ ለሚያገኘው ትርፍ ገቢ የሚከፍለው ግብር። ከደመወዙ አሠሪው ግብሩን አስቀድሞ ይቆርጣል፤ ከጎን ሥራው ግን ማንም ስለማይቆርጥ ሂሳቡ ሚያዝያ ላይ በአንድ ጊዜ ይመጣል።

የሆቴል ሠራተኛን እንውሰድ። በ2024 ምግብ በማድረስ 5,000 ዶላር አገኘ፤ ለዚሁ ሥራ 3,000 ማይል ነዳ። በዚያ ዓመት ለአንድ ማይል የተፈቀደው ወጪ 67 ሳንቲም ስለነበር 2,010 ዶላር ይቀነስለታል፣ የተጣራው ትርፍ 2,990 ይሆናል። ይህ ስኬጁል ሲ በሚባለው ቅጽ ይሞላል። የተጣራው ትርፍ 92.35 በመቶው 400 ዶላር ከደረሰ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ ይከተላል፦ የትርፉ 92.35 በመቶ በ15.3 በመቶ ሲባዛ 422 ዶላር ገደማ። መደበኛው የገቢ ግብር በዚህ ላይ ይጨመራል፤ ብዙዎችን የሚያስደነግጠውም ይኸው ድርብ ክፍያ ነው።

በማይል ያሰላ ሰው ቤንዚንና ጥገናን ደግሞ መቀነስ አይችልም። የፓርኪንግ ቅጣትም አይቀነስም። ማይሉን የሚያስረዳው በየዕለቱ የተያዘ መዝገብ ነው፦ ቀኑ፣ የሄደበት ቦታ፣ ምክንያቱና የተነዳው ማይል። መኪና ውስጥ የምትቀመጥ አንዲት ደብተር ትበቃለች፤ በሚያዝያ ከትዝታ የተጻፈች ግን ምርመራ ሲመጣ አትቆምም።

ምግብ የሚያደርስለት ድርጅት የገቢ ማስረጃ ባይልክም ሠራተኛው ገቢውን ማሳወቅ አለበት። ከፌዴራሉ ሌላ ለዲሲ ዲ-40 ቅጽ ይሞላል። ለቀጣዩ ዓመት አሠሪው ከደመወዙ ተጨማሪ እንዲቆርጥለት በደብሊው-4 ቅጽ መጠየቅ ከሁሉ ይቀላል።