ሰውየው ሄደ፣ ጥላው ቀረ

ኒኮላይ የዦቭን ከፎቶ ላይ ለማጥፋት ውሃ መሳል አስፈልጎ ነበር። ፎቶው እ.ኤ.አ. በ1937 በሞስኮ-ቮልጋ ቦይ ዳር የተነሳ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶችም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ቮሮሺሎቭ፣ ሞሎቶቭ፣ ስታሊንና የዦቭ በቦዩ ዳር ሲሄዱ ይታያሉ፤ የዦቭ ከስታሊን ጎን፣ ከፎቶው ጠርዝ በኩል ነው። ያኔ የምስጢር ፖሊሱ የኤን.ኬ.ቪ.ዲ. አለቃ ነበር። በእሱ ዘመን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተረሽነዋል። በ1938 የውሃ ትራንስፖርት ኮሚሳርነት ተደረበለት፣ በ1939 ታሰረ፣ በ1940 እሱም በተራው ተረሸነ። ከዚያ በኋላ በታተመው ፎቶ ላይ የቆመበት ቦታ ውሃ ብቻ ሆነ። የውሃ ትራንስፖርት ሹሙን ውሃ ተካው።

ብዙዎቻችሁ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አይታችኋቸው ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ ስለ የዦቭ ሳይሆን ስለዚያ ውሃ ነው ማውራት የምፈልገው። ሰውን ከፎቶ መቁረጥ ቀላሉ ሥራ ነው። መከራው የሚጀምረው ሰውየው መሬት ላይ የጣለውን ጥላ፣ ውሃና መስታወት ላይ የተወውን ምስል ለማጽዳት ሲሞከር ነው። ጥላና ነጸብራቅ የሰውየው ቢሆኑም ያረፉት የሌላ ነገር ገጽ ላይ ነው፤ አንዱን ሳያበላሹ ሌላውን መንካት አይቻልም።

የድሮዎቹ ባለሙያዎች ለዚህ ያላቸው መሣሪያ ስለት፣ እርሳስ፣ ቀጭን ብሩሽና በታመቀ አየር ቀለም የሚረጭ ብዕር መሰል ዕቃ ነበር። አንዳንዱን ሥራ የሚሠሩት በነጋቲቩ ላይ ነው። ነጋቲቭ ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ ነው ያለው፤ ጥላ ያረፈበት ቦታ ብርሃን በደንብ የሚያሳልፍ ስስ ገጽ ይሆናል። ስለዚህ ጥላን ለማጥፋት እዚያው ስስ ገጽ ላይ በእርሳስ ቀስ እያሉ ማጥቆር ነው፤ ያጠቆሩት ቦታ ሲታተም ይነጣል። ማጥቆር ካስፈለገ ደግሞ ገጹን በስለት መፋቅ። ሰፊ ቦታ መሸፈን ሲኖርባቸው ግን የታተመውን ፎቶ ይዘው ላዩ ላይ ቀለም ይረጩና ይስላሉ፤ ከዚያ ሥዕል የተቀላቀለበትን ፎቶ መልሰው ፎቶ ያነሱታል። በሁለተኛው ነጋቲቭ ላይ የቀለሙና የፎቶው ድንበር ይደበዝዛል። ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ደግሞ የማተሚያው ነጠብጣብ የቀረውን ይሸፍንላቸዋል።

አሁን ሥራው ለምን ከባድ እንደሆነ በአንድ ምሳሌ እንየው። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው፣ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ አዘንብላ ከአድማስ 30 ዲግሪ ላይ ስትሆን፣ ደረቅ ሜዳ ላይ ቆሟል እንበል። ጥላው ወደ ሦስት ሜትር ገደማ ይረዝማል። ይህ ጥላ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት አይደለም። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ስፋት ያላት ክብ ስለሆነች የጥላ ጠርዝ በየአንድ ሜትር ርቀቱ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ይደበዝዛል። ጫማው ሥር ጠርዙ እንደ ቢላ የተሳለ ነው። የራሱ ጥላ ያረፈበት ቦታ ከራሱ 3.40 ሜትር ስለሚርቅ እዚያ ጠርዙ ሦስት ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የፈዘዘ ነው። ጀማሪ ይህን አያውቅም፤ ጥላውን ሁሉ በአንድ ዓይነት ጠርዝ ይመርጥና ያነጣዋል። ውጤቱም ሜዳው ላይ የሰው ቅርጽ ያለው ስስ መስመር ነው። ጥላው ጠፍቶ የጥላው ድንበር ይቀራል።

ሁለተኛው ጣጣ ቀለም ነው። በጠራ ቀን ጥላ ውስጥ ያለ መሬት ፀሐይ ባታገኘውም ሰማዩ ያበራለታል፤ ሰማዩ ደግሞ ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ጥላን አብርቶ ከአካባቢው ጋር ለማመሳሰል የሚሞክር ሰው ብርሃኑን ብቻ ከጨመረ ቡናማው ሜዳ ላይ ሰማያዊ እድፍ ያወጣል። ፎቶሾፕ ላይ የሚሠራ ጎበዝ ሰው Curves በሚባለው መሣሪያ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ለየብቻ ያነሳል፤ ቀዩን አብዝቶ፣ ሰማያዊውን አሳንሶ። የዚህ ዘዴ ጥቅሙ እውነተኛው ጠጠርና ሳር በቦታው መቆየቱ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ፀሐይ ያረፈበት መሬት ከጥላው አራት እስከ ስምንት እጥፍ ሊበራ መቻሉ ነው፤ ጨለማውን ያን ያህል ሲያነሱት በስልክ የተነሳ ፎቶ ነጠብጣብና ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። ይህን የሚፈራ ሰው ወደ ሁለተኛው ዘዴ ይሄዳል። Clone Stamp የሚባለውን መሣሪያ ይዞ ፀሐይ ካረፈበት ሜዳ አፈር እየቀዳ ጥላው ላይ ይለጥፋል።

አንድን የዜና ፎቶ አንሺ ከእንጀራው ያፈናቀለው ይሄ ሁለተኛው ዘዴ ነው። በ2011 አሶሺየትድ ፕሬስ አርጀንቲና ውስጥ ለኮፓ አሜሪካ ውድድር በፍሪላንስ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ነበረው። ሰውየው ሕፃናት አቧራማ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወቱ አነሳ። ፀሐይ ከጀርባው ስለነበረች የራሱ ጥላ ፎቶው ውስጥ ገባ። ፎቶ የሚያነሳ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፣ ያናድዳል። እሱ ግን ከፎቶው አንድ ክፍል አቧራ ቀድቶ ጥላውን ሸፈነ። ያዩበት የአቧራው ቅርጽ ሁለት ቦታ ላይ መደገሙን ነው። አቧራ ራሱን አይደግምም። ድርጅቱ ወዲያው አሰናበተው፤ ሌሎች ፎቶዎቹንም ከማኅደሩ አወጣ።

ቅጣቱ በዛ የሚሉ ነበሩ። አንድም ሰው ከፎቶው አልተሰረዘም፣ ሕፃናቱም ኳሱም በቦታቸው ናቸው። እኔም በፍሪላንስ የምሠራ ስለሆንኩ ልቤ ወደ ሰውየው ያደላል። ፍርዱ ግን ትክክል ነው እላለሁ። ከፎቶው የተሰረዘው ራሱ ምስክሩ ነው። ያ ጥላ ፎቶ አንሺው የት እንደቆመ፣ ከሕፃናቱ ምን ያህል እንደራቀ፣ ፀሐይ በየት በኩል እንደነበረች ይናገር ነበር። ቢያስጠላው ጠርዙን መቁረጥ ይችል ነበር፤ መቁረጥ የተፈቀደ ነው።

ነጸብራቅ ከጥላም ይብሳል። ሰውየው ኩሬ ዳር ቆሞ ከሆነ ውሃው ላይ የተገለበጠ ምስሉ አለ። እሱን ካጠፉ በኋላ ቦታውን በምን ይሞሉታል? አብዛኛው ሰው ከላይ ያለውን ግንብ ገልብጦ ይለጥፋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ውሃ የሚያሳየው ካሜራው የሚያየውን ሳይሆን፣ ካሜራው ከውሃው በላይ ባለው ርቀት ልክ ከውሃው በታች ቢቀበር ሽቅብ የሚያየውን ነው። ስለዚህ ነጸብራቁ ውስጥ ከሰውየው በስተኋላ ያለው ግንብ ዝቅ ብሎ፣ ሰማዩ በዝቶ መታየት አለበት። ፎቶው ላይ የማይታይ የጣሪያ ሥር እንኳ ውሃው ላይ ሊታይ ይችላል። አጥፊው ያላየውን ነገር መሳል ይጠበቅበታል። በአገራችን ተረት ጥላ ወጊ የሚባለው ሰው ውሃ ላይ የሚመጣውን ምስል ወግቶ ባለቤቱን ይጎዳል ይባላል፤ ፎቶ አጥፊዎች ደግሞ ባለቤቱን ገድለው ምስሉ አልሞት ይላቸዋል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ስህተት ተመልካች ለምን አያይም? የሰው ዓይን በዚህ ነገር ደካማ ስለሆነ ነው። የሐሰት ፎቶዎችን በመመርመር የሚታወቀው ሃኒ ፋሪድ ከባልደረባው ጋር በ2010 ባወጣው ጥናት ሰዎች የተዛባ ጥላና ነጸብራቅ እያዩ አለማስተዋላቸውን አሳይቷል። የስታሊን ባለሙያዎች ያለ ጥናትም ያውቁት የነበረ ይመስለኛል። የዦቭን የሸፈነው ውሃ እንዲሁ ሲታይ ውሃ ነው፤ ያጋለጠው ዋናው ፎቶ ተርፎ መገኘቱ ነው።

ስለዚህ ፋሪድና ባልደረቦቹ ዓይንን ትተው ወደ ማስመሪያ ሄዱ። በ2012 ስለ ነጸብራቅ፣ በ2013 ስለ ጥላ ያወጡት ዘዴ መሠረቱ ቀላል ነው፤ ስልክ ላይም ቢሆን ሊሞከር ይችላል። ከአንድ ነገር ጫፍ፣ ለምሳሌ ከባርኔጣ፣ ወደዚያው ጫፍ ጥላ ቀጥ ያለ መስመር ይሰመራል። ለሌሎቹም ሰዎችና ምሰሶዎች እንዲሁ። ፀሐይ አንድ ስለሆነች መስመሮቹ ሲረዝሙ ሁሉም አንድ ነጥብ ላይ መገናኘት አለባቸው፤ ፀሐይ ከፎቶ አንሺው ጀርባ ከሆነች ነጥቡ ከአድማሱ በታች ይወድቃል። ነጸብራቅም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱን ነገር ከምስሉ ጋር የሚያገናኙት መስመሮች ወደ አንድ ነጥብ ይሄዳሉ፤ ካሜራው ቀጥ ብሎ ከተያዘና ውሃው ከረጋ ደግሞ ሁሉም ቁልቁል ጎን ለጎን ይወርዳሉ።

ጥላው ሙሉ በሙሉ በንጽህና ከጠፋ ግን መስመር የሚሰመርበት ነገር የለም። ማስመሪያው የሚይዘው ሌላ ቦታ ነው። ሰዎች ተጠጋግተው ሲቆሙ የአንዱ ጥላ በሌላው ላይ ይደረባል። መሐል ያለው ሰው ሲሰረዝ ጥላው የጎረቤቱን ጥላ ግማሽ ይዞ ይሄዳል፤ አጥፊው የቀሪውን ሰው ትከሻ ወይም ክንድ ጥላ ከራሱ መፍጠር ይገደዳል። ያ የተፈጠረ ጥላ ነው ከሌሎቹ መስመሮች ጋር አልገናኝ የሚለው። ስለዚህ አጠራጣሪ የቡድን ፎቶ ሲደርሳችሁ ባዶውን ቦታ ትታችሁ ከባዶው ቦታ አጠገብ የቆመውን ሰው ጥላ ፈትሹ። መሬቱ ወጣ ገባ ከሆነ ወይም ፎቶው ማታ በብዙ መብራት ሥር የተነሳ ከሆነ ግን በዚህ ዘዴ ማንንም አትክሰሱ።

የተደገመ አቧራ ለመፈለግ ደግሞ ፎቶው እንዳለ መገኘት አለበት። በመልእክት መተግበሪያ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቆየ ፎቶ በተደጋጋሚ ተጨምቆ አቧራውና ጠጠሩ ቀልጦ አንድ ይሆናል፤ ድሮ የጋዜጣው ነጠብጣብ ይሸፍን የነበረውን ዛሬ ይህ ይሸፍናል። ያኔ የሚያዋጣው ፎቶ አንሺውን ያልተነካውን ፋይል፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ካነሳቸው ጋር፣ መጠየቅ ነው። የሶቪየቶቹን ፎቶዎች ያጋለጠው እንግሊዛዊው ዴቪድ ኪንግም ያደረገው ይህንኑ ነው። ለዓመታት የድሮ መጻሕፍትንና ሕትመቶችን እየሰበሰበ፣ ያልተነካውን ከተነካው አጠገብ አስቀምጦ በ1997 በመጽሐፍ አወጣው። ስብስቡ ከ2016 ጀምሮ በለንደኑ የቴት ሙዚየም ይገኛል።