ትንሽ ጭንቅላት ያለው መቶ ዶላር

ለሥራ ካምፓላ ስሄድ አክስቴ 200 ዶላር በፖስታ አድርጋ ሰጠችኝ። ወንድሟ ከአሜሪካ ሲመጣ የሰጣት፣ ለዓመታት ሣጥን ውስጥ የቆየ ገንዘብ ነው፤ አንድ ድፍን መቶና አምስት ሃያ። ምንዛሪ ቤቱ ደጃፍ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ሳይ ግን ዶላር አንድ ዋጋ የለውም። ለ100 እና ለ50 አንድ ረድፍ፣ ለ20 እና ለ10 ሌላ ረድፍ፣ ለ5 እና ለ1 ደግሞ ከሁሉም ዝቅ ያለ።

መጀመሪያ ማጭበርበር መስሎኝ ነበር። መንዛሪው ግን የገዛውን ዶላር ሳጥን ውስጥ ሊያኖረው አይደለም የሚገዛው። ዱባይ ወይም ቻይና ሄዶ ዕቃ ለሚያመጣ ነጋዴ ይሸጠዋል፣ የተረፈውን ደግሞ ገንዘብ ሰብስቦ በአውሮፕላን ወደ ውጭ ለሚልክ ጅምላ ነጋዴ ያስረክባል። ነጋዴው ድፍን ነው የሚፈልገው፤ በኪሱ ይይዘዋላ። ላኪው ደግሞ የሚከፍለው ለክብደት ነው። አንድ የዶላር ኖት፣ 1 ይሁን 100፣ አንድ ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ 10,000 ዶላር በድፍን መቶ 100 ግራም ሲሆን በአንድ አንድ ዶላር 10 ኪሎ ይሆናል። መቁጠሩና ሐሰተኛ መሆን አለመሆኑን ማየቱም በዚያው ልክ ይበዛል። ለስሌት እንዲመች፣ ድፍኑ በ3,700 ሽልንግ ሃያው በ3,600 ቢገዛ፣ የአክስቴ አምስት ሃያዎች 10,000 ሽልንግ ያጣሉ።

መቶዋ ግን የባሰባት ሆነች። መንዛሪው ገና ሲያያት «ትንሽ ጭንቅላት» ብሎ መለሰልኝ። ታሪኩ ከማኒላ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1989 እዚያ የተገኘው ሐሰተኛ መቶ ዶላር ከእውነተኛው ለመለየት እጅግ ያስቸግር ነበር። አሜሪካ በ1996 አዲስ መቶ አወጣች፤ የፍራንክሊን ምስል ተልቆ ከመሃል ወደ ግራ ተገፋ፣ ወደ ብርሃን ሲያዙት የሚታይ ጥላ ምስልና ቀለሙን የሚቀይር ቁጥር ተጨመረበት። አሮጌው ግን አልተሻረም። አሜሪካ ከ1861 ወዲህ ያወጣችውን ኖት ሁሉ ዛሬም በሙሉ ዋጋው ትቀበላለች። በእኛ በፕሮግራመሮች ቋንቋ፣ ሰርቨሩ የድሮውን ቨርዥን ይቀበላል፣ መንገድ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ናቸው የማይቀበሉት። ካምፓላ ያለው መንዛሪ ዋሽንግተን ሄዶ አይለውጥም፤ የሚያስበው «ቀጣዩ ሰው ይቀበለኛል ወይ?» ብቻ ነው።

የተቀደደ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈበት ወይም ማኅተም ያረፈበት ኖት ላይም ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከግማሹ በላይ በግልጽ የተረፈ ኖት ሙሉ ዋጋው ይከፈልበታል። እዚህ ግን ቆጣሪ ማሽኑ ይተፋዋል፣ ደንበኛውም «ሌላ ስጠኝ» ይላል። መንዛሪው ለእጁ ላይ ለሚቀርበት አደጋ አስቀድሞ ይቀንሳል።

ለመቶዋ የሰጠኝ ዋጋ ከሰሌዳው በጣም ዝቅ ያለ ስለነበር ሃያዎቹን ብቻ መንዝሬ መቶዋን ወደ ፖስታዋ መለስኩ። ቤት ስገባ አክስቴ «ሐሰተኛ ነው እንዴ?» አለችኝ፣ ወንድሟን እንደጠረጠረችው ገባኝ። እውነተኛ መሆኗን አስረድቻት ለበዓል መጥቶ ለነበረው ለአጎቴ ልጅ ሰጠሁት። ዋሽንግተን ባንክ አስገብቶ ድፍን 100 ዶላር ላከላት።