ከታዳጊ ሕፃናት ጋር ስለ ሰውነት፣ ስለ ገመናና ስለ መከባበር መነጋገር፦ ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች የተዘጋጀ መረጃ

ይህ መረጃ ከ3 እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ሕፃናት ለሚያሳድጉ ወላጆችና አሳዳጊዎች የቀረበ ነው። በዚህ ዕድሜ ስለ ሰውነት የሚደረግ ንግግር ስለ ወሲብ የሚሰጥ ትምህርት አይደለም። ሕፃኑ የአካል ክፍሎቹን በስማቸው እንዲጠራ፣ የትኛው ክፍል የግሉ እንደሆነ እንዲለይና ያልወደደው ነገር ሲደርስበት ለማን እንደሚናገር እንዲያውቅ ማድረግ ነው።

በብዙ ቤቶች ዓይንና አፍንጫ በስማቸው ሲጠሩ ብልት ግን ወይ ስም የለውም፣ ወይም ከቤተሰቡ ውጪ ማንም የማያውቀው የቁልምጫ ስም አለው። ሕፃኗ ለመምህሯ ወይም ለሐኪም ያመማትን ለመናገር ስትፈልግ ቃል ታጣለች፤ የቁልምጫ ስሙን ብትናገርም ሰሚው የአሻንጉሊት ስም መስሎት ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ሕፃናት «ብልት»፣ «መቀመጫ» እና «ጡት» የሚሉትን ቃላት ሊያውቁ ይገባል። ቤተሰቡ የለመደውን የቁልምጫ ስም እንዲተው አይጠበቅም፤ ትክክለኛው ስም አብሮ መታወቁ በቂ ነው።

ለዚህ ንግግር የተለየ ቀጠሮ አያስፈልግም፤ የተሻለው ጊዜ ገላ የሚታጠቡበት ሰዓት ነው። ወላጅ እያጠበ «አሁን ፊትህን፣ አሁን ክንድህን፣ አሁን ብልትህን እናጥባለን» ሲል ድምፁን ሳይቀንስና ሳይስቅ ሦስቱንም በአንድ ዓይነት ቃና ይጥራቸው። ሕፃናት ከቃሉ ይልቅ የወላጅን ፊት ስለሚያነቡ፣ እፍረቱ የሚተላለፈው በዚያ ነው። ሕፃኑ 4 ወይም 5 ዓመት ሲሞላው ሳሙናውን በእጁ መስጠትና የግል ክፍሉን ራሱ እንዲያጥብ ማስለመድ ይቻላል። በዚያው ጊዜ የሚነገረው ደንብ አጭር ነው፦ «የውስጥ ሱሪ የሚሸፍነው ክፍል የግልህ ነው። ለማጠብ ወይም እኛ ባለንበት ሐኪም ለመመርመር ካልሆነ በቀር ማንም አይነካውም፣ ፎቶ አያነሳውም፤ የራሱንም እንድትነካ አይጠይቅህም።» ቤቱ አንድ ክፍል ብቻ ከሆነም ገመናን ማስተማር ይቻላል። ልብስ ሲቀየር ነጠላ ይዞ መጋረድ ወይም ሌሎቹ ፊታቸውን እንዲያዞሩ ማድረግ ለሕፃኑ ግልጽ ትምህርት ነው።

ብዙ ጊዜ ይህ ደንብ የሚፈርሰው እንግዳ ሲመጣ ነው። ለምሳሌ የ4 ዓመት ሕፃን አጎቷ ከገጠር ሲመጡ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ትደበቃለች እንበል። «ነውር ነው፣ ሳሚያቸው!» ተብላ ብትገፋ፣ ገላዋን ስትታጠብ የተነገራት ሳሎን ውስጥ እንደማይሠራ ትማራለች። ሰላምታ ግን አይቀርም፤ የሚመረጠው አሰጣጡ ነው። እናት «አጎትሽን ሰላም በያቸው፤ መሳም ካልፈለግሽ እጅሽን ስጫቸው ወይም ጎንበስ በይላቸው» ትበላት። ለአጎትም «ጋሼ፣ ዛሬ በእጇ ሰላም ትበልዎት» ብትል ሕፃኗ ከወቀሳ ትድናለች። ቅር የሚላቸው ታላላቅ ሰዎች አይጠፉም፤ እንግዳው ከመድረሱ በፊት በስልክ አስቀድሞ መንገር ቅሬታውን ያቀልለዋል።

መከባበር በሌላ ወገንም ይሠራል። በመኮርኮር ጨዋታ ወቅት ሕፃኑ «በቃ» ሲል፣ እየሳቀ ቢሆንም እንኳ ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል። እርሱም እህቱ «በቃ» ስትለው እንዲያቆም ይደረጋል። ልጁ ደንቡን የሚያምነው በራሱ ላይ ሲከበርለት ሲያይ ነው።

«የማታውቀው ሰው እንዳይነካህ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ብቻውን አይበቃም፤ በሕፃናት ላይ ጥቃት የሚፈጽመው ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ የሚያውቀው ሰው ነውና። እንዲህ ያለ ሰው ዘወትር የሚጠቀምበት መሣሪያ ምስጢር ነው። ስለዚህ ለልደት የተደበቀ ስጦታ ጊዜው ሲደርስ ሁሉም የሚያውቀው መሆኑን፣ «ለእናትህ እንዳትነግር» የሚባል ምስጢር ግን ማንም ቢሆን ያዘዘው ወዲያው መነገር እንዳለበት ለሕፃኑ ማስረዳት ይገባል።

ሕፃኑ አንድ ቀን የሚያስደነግጥ ነገር ቢናገር፣ ወላጅ ሳይቆጣና ሳያቋርጥ ይስማው፤ «ስለነገርከኝ ጥሩ አደረግህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ይበለው። «እገሌ ነው አይደል?» የሚሉ መልስ አመልካች ጥያቄዎችን መደጋገም ቃሉን ያዛባል፤ በኋላም ምርመራውን ያውካል። ጥቃቱ በቅርብ የተፈጸመ ከሆነ ሕፃኑን ሳያጥቡ፣ ልብሱንም ሳያጥቡ በወረቀት ጠቅልለው ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ ሲጀመር ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚገኘው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሕክምናን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍንና የሕግ ክትትልን በአንድ ስፍራ ይሰጣል። በሌሎች አካባቢዎች በአቅራቢያ ወዳለው ሆስፒታል ወይም ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ይቻላል፤ በጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል ካለ በዚያ ለመስተናገድ ይጠይቁ።