የረዥም ገለጻ ቪዲዮ ምዕራፎች፦ ለአንድ ጥያቄ መልሱን በደቂቃው ማግኘት

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው በአማርኛ የሚሰጡ ገለጻዎች ጥቂት አይደሉም። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስለ ጤና መድን፣ ስለ ግብርና ስለ ልጆች ትምህርት ባለሙያ ጋብዘው ያዳምጣሉ። ብዙውን ጊዜ ገለጻው ይቀረጻል፤ በዩቲዩብም ይጫናል። ይሁንና አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ቪዲዮ ውስጥ የተቀመጠ መልስ፣ ጠያቂው የትኛው ደቂቃ ላይ እንዳለ ካላወቀ እንዳልተነገረ ይቆጠራል።

ለዚህ ችግር የሚያገለግለው መሣሪያ «ምዕራፍ» ይባላል። ዩቲዩብ ይህን አሠራር በይፋ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ቪዲዮውን የጫነው ሰው በመግለጫው ላይ የደቂቃ ምልክትና አጭር ርዕስ ሲጽፍ፣ ከቪዲዮው ሥር ያለው መስመር በክፍሎች ይከፈላል። ተመልካቹም የፈለገውን ክፍል ነክቶ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል። የጎግል ፍለጋም እነዚህን ምልክቶች አንብቦ ቪዲዮውን «ቁልፍ ቅጽበቶች» ከሚላቸው ክፍሎች ጋር ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ የምዕራፉ ርዕስ ሁለት ሥራ አለው፤ ቪዲዮውን የከፈተውን ሰው ይመራል፣ ገና በፍለጋ ላይ ያለውንም ሰው ወደ ቪዲዮው ያመጣል።

አንድ ምሳሌ

ነገሩን ለማብራራት ስለ ሜዲኬር የተሰጠ የአንድ ሰዓት ከ52 ደቂቃ ገለጻ አለ እንበል። ሜዲኬር በዋነኛነት 65 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች የተዘጋጀ የፌዴራል መንግሥት የጤና መድን ነው። አዳማጮቹ የመጡት ከሲልቨር ስፕሪንግም ከአሌክሳንድሪያም ነው። ቪዲዮውን የጫነው በጎ ፈቃደኛ በመግለጫው ላይ በመጀመሪያ የጻፈው ይህን ነበር፦

```
00:00 መግቢያ
06:20 ክፍል 1
42:00 ክፍል 2
1:31:05 ጥያቄና መልስ
```

ይህ ዝርዝር ሕጉን ያሟላል፤ ምዕራፎቹም ይታያሉ። ነገር ግን «ክፍል 2» ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም። በሰኔ ወር 65 ዓመት የሚሞላቸው እናት ያሉት ልጅ የሚጽፈው «ሜዲኬር መቼ ልመዝገብ» ብሎ ነው። መልሱ በ42ኛው ደቂቃ ላይ ተነግሯል፤ ርዕሱ ግን አይናገርም።

የዚህ መልስ መዘግየት ገንዘብ ያስከፍላል። የመጀመሪያው የመመዝገቢያ ጊዜ ሰባት ወር ነው፤ 65 ዓመት ከሚሞላበት ወር በፊት ያሉትን ሦስት ወራት፣ ራሱን ወሩንና ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ወራት ያካትታል። በሰኔ ለሚሞላቸው እናት ከመጋቢት እስከ መስከረም ማለት ነው፤ ወሮቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ይህ ካመለጣቸውና በሥራ በኩል የተገኘ ሌላ ሽፋን ከሌላቸው፣ በአብዛኛው ከጥር 1 እስከ መጋቢት 31 የሚከፈተውን አጠቃላይ ምዝገባ መጠበቅ ይኖርባቸዋል። የሐኪም አገልግሎትን ለሚሸፍነው ክፍል ቢ ደግሞ፣ ሳይመዘገቡ ላለፈ ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር ወርኃዊ ክፍያው 10 በመቶ ይጨምራል። ጭማሪው የአንድ ጊዜ ቅጣት አይደለም፤ በአብዛኛው መድኑ እስካለ ድረስ አብሮ ይቆያል።

በጎ ፈቃደኛው ቪዲዮውን እንደገና አዳምጦ ዝርዝሩን እንዲህ አስተካከለው፦

```
00:00 መግቢያ
06:20 ሜዲኬርና ሜዲኬይድ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
17:45 10 ዓመት ያልሠራ ሰው Medicare ያገኛል?
31:10 ግሪን ካርድ ያላቸው ወላጆችና የ5 ዓመት ደንብ
42:00 65 ዓመት ሲሞላኝ Part B መቼ ልመዝገብ?
55:30 የሜዲኬር ምዝገባ ካለፈኝ ቅጣቱ ስንት ነው?
1:08:15 ሜሪላንድ፦ ነጻ ምክር በ SHIP
1:19:40 ቨርጂኒያ፦ ነጻ ምክር በ VICAP
1:31:05 ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሠርቷል፣ እኔ አልሠራሁም
1:38:50 ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ሄጄ ብታመም ይከፍላል?
```

ምን ተለወጠ?

አንደኛ፣ ርዕሶቹ በተናጋሪው ሳይሆን በጠያቂው አንደበት ተጻፉ። ባለሙያው በስላይዱ ላይ «የብቁነት መስፈርቶች» ብሎ ይሆናል፤ ሰው የሚጠይቀው ግን «10 ዓመት ያልሠራ ሰው ያገኛል?» ብሎ ነው። በፍለጋ ሳጥን ውስጥ የሚገባው ሁለተኛው ነው።

ሁለተኛ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ተለያዩ። የሜዲኬር ዋና ደንብ በሁለቱም ግዛቶች አንድ ነው። ነጻ ምክር የሚሰጠው አገልግሎት ግን በሜሪላንድ SHIP፣ በቨርጂኒያ VICAP ይባላል። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው ሜዲኬይድም በየግዛቱ ይለያያል። የግዛቱ ስም በርዕሱ መጀመሪያ ላይ ካልተጻፈ የአሌክሳንድሪያው ተመልካች የሲልቨር ስፕሪንጉን መልስ ለራሱ ሊወስድ ይችላል። ስሙ መጀመሪያ ላይ እንዲሆን የሚመከረው በስልክ ስክሪን ላይ የረዥም ርዕስ መጨረሻ ስለሚቆረጥ ነው።

ሦስተኛ፣ «ጥያቄና መልስ» የሚለው አንድ ትልቅ ክፍል ፈረሰ። በእንዲህ ዓይነት ገለጻ ላይ ሰው በእርግጥ የሚፈልገው ነገር ብዙ ጊዜ የሚገኘው በመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና በአብዛኛው እንደማይከፍል ያወቁት አዳማጮች፣ ከመካከላቸው አንዲት እናት ወደ አገር ቤት ከመሄዳቸው በፊት ስለ ጠየቁ ነው። ይህ ጥያቄ የራሱ ርዕስ ይገባዋል።

የቋንቋውም ጉዳይ አለ። «ሜዲኬር» ብሎ በግዕዝ ፊደል የሚፈልግ እንዳለ ሁሉ፣ ስልኩ ላይ የአማርኛ ፊደል የሌለው ወይም ከመድን ካርዱ ላይ ቃሉን የሚገለብጥ ሰው Medicare እና Part B ብሎ ይጽፋል። በአንዳንድ ርዕሶች አንዱን፣ በሌሎቹ ሌላውን መጠቀም ለሁለቱም በር ይከፍታል። በአንድ ርዕስ ውስጥ ሁሉንም ማጨቅ ግን ለማንበብ ያስቸግራል።

ምዕራፎቹ ሳይታዩ ሲቀሩ

ዩቲዩብ ዝርዝሩን ካልተቀበለው ስሕተቱን አይነግርም፤ መስመሩ ሳይከፈል ይቀራል እንጂ። ስለዚህ መግለጫው ከተቀመጠ በኋላ ቪዲዮውን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። መስመሩ ካልተከፈለ መጀመሪያ የሚፈተሹት አራት ደንቦች ናቸው። የመጀመሪያው ምልክት 00:00 መሆን አለበት። ቢያንስ ሦስት ምልክቶች ያስፈልጋሉ። በጊዜ ቅደም ተከተል መጻፍ አለባቸው። እያንዳንዱ ምዕራፍም ቢያንስ 10 ሴኮንድ ርዝመት ሊኖረው ይገባል።

አራቱም ተሟልተው ካልሠራ፣ በአማርኛ ጸሐፊዎች ዘንድ የሚያጋጥም ሌላ ምክንያት አለ። በአማርኛ የፊደል ገበታ ሲጻፍ በደቂቃና በሴኮንዱ መካከል የሚገባው ነጥብ የግዕዙ «፡» ሊሆን ይችላል። ለዓይን ይመሳሰላል፤ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ምልክት ነው። ቁጥሮቹም እንደ 42:00 በተለመደው አኃዝ እንጂ በግዕዝ ቁጥር አይጻፉ። የገለጻውን ቀንና ሰዓት በዚያው መግለጫ ውስጥ «2:00 ላይ ይጀመራል» ብሎ መጻፍም ምልክቶቹን ሊያውክ ስለሚችል «ከቀኑ ስምንት ሰዓት» ብሎ በፊደል መጻፍ ይሻላል።

ደቂቃው ሲሳሳት

በአዳራሹ ውስጥ ጥያቄዎችን የሚመዘግብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው የግድግዳ ሰዓት ነው። ቀረጻው ከቀኑ 2:05 ተጀምሮ የምዝገባው ጥያቄ 2:47 ላይ ቢነሣ፣ ልዩነቱ 42 ደቂቃ ስለሆነ ምልክቱ 42:00 ይሆናል። አንዱ በአሜሪካ፣ ሌላው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመዘግቡ ግን ስሌቱ ይበላሻል። ያው ቅጽበት «8:47» ተብሎ ተጽፎ 2:05 ቢቀነስለት ስድስት ሰዓት ከ42 ደቂቃ ይመጣል፤ ይህም ከቪዲዮው ርዝመት ያልፋል። ስለዚህ መዝጋቢዎቹ ከመጀመራቸው በፊት በአንድ አቆጣጠር መስማማት አለባቸው።

ሁለተኛው ስሕተት የሚመጣው ከአርትዖት ነው። ከመጀመሪያው ላይ የወንበር ድምፅ ያለበት ሦስት ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ቢቆረጥ፣ 42:00 የነበረው ወደ 38:40 ይሸጋገራል። ዝርዝሩ ካልታረመ ተመልካቹ የሚደርሰው መልሱ ከተነገረ በኋላ ነው። ከእያንዳንዱ ቆረጣ በኋላ ሁለት ምልክቶችን፣ አንዱን ከመሐል ሌላውን ከመጨረሻ፣ ነክቶ ማድመጥ ይህን ያጋልጣል። ምልክቱ የሚቀመጥበት ተስማሚ ቦታም ጥያቄው የሚነገርበት ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ነው፤ ከመልሱ መሐል የገባ ሰው የሚሰማው ስለ ምን እንደሆነ አያውቅም።

ሊያደርግ የማይችለው

ምዕራፍ መጻፍ ቪዲዮው በፍለጋ ፊት ለፊት እንዲወጣ ዋስትና አይሰጥም፤ የትኛውን ቅጽበት ማሳየት እንዳለበት የሚወስነው የፍለጋ አገልግሎቱ ነው። ያም ሆኖ ዝርዝሩ ሌላ ጥቅም አለው። ወላጅ በቴሌግራም ሲጠይቁ ልጅ ወይም ጎረቤት ሙሉውን ቪዲዮ ሳይሆን ቅጽበቱን መላክ ይችላል። 42 ደቂቃ 2520 ሴኮንድ ስለሆነ አገናኙ እንዲህ ይጻፋል፤ VIDEO_ID በሚለው ቦታ የቪዲዮው መለያ ይገባል፦

```
https://youtu.be/VIDEO_ID?t=2520
```

ጥሩ ርዕስ ያረጀን መረጃ እንደማያድስም መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 የጸደቀው ሕግ ዜግነት የሌላቸው ሰዎች ሜዲኬር የሚያገኙበትን ሁኔታ አጥብቧል። ግሪን ካርድ ያላቸው አሁንም መስፈርቱን ካሟሉ ያገኛሉ፤ ስደተኛነት ወይም ጥገኝነት ብቻ ግን በአዲሱ ሕግ በቂ አይደለም። በ2024 የተቀረጸ ገለጻ ከዚህ የተለየ መልስ ሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ርዕሱ በግልጽ በተጻፈ መጠን ያረጀው መልስ ለብዙ ሰው ይደርሳል። ስለዚህ በየዓመቱ ሊለወጥ በሚችል ምዕራፍ ርዕስ ላይ ዓመቱን መጻፍ፣ ደንቡ ሲለወጥም ርዕሱን «ይህ ደንብ ተለውጧል» ብሎ ማረም የቪዲዮው ባለቤት ኃላፊነት ነው። ለዚህ ቪዲዮውን እንደገና መጫን አያስፈልግም፤ መግለጫውን ማስተካከል ይበቃል።