የማሊንዲ መስቀል ዓምድ
ፎቶግራፍ፤ ማሊንዲ፣ ኬንያ

ከኮራል ድንጋይ በተሠራ ዓምድ ላይ የቆመው ይህ መስቀል፣ ፖርቱጋላዊው ባስኮ ዳ ጋማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሚያዝያ 1498 ወደ ማሊንዲ መምጣቱን ያስታውሳል። ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ የሰሜን ኮከብ ከዓይን ሲሰወር ኮምፓስ አቅጣጫን ያመለክት ነበር፤ ከመርከቦቹ አንዷ፣ ቤሪዮ የተባለችው ካራቬልም፣ ሸራዋ ባለ ሦስት ማዕዘን ስለሆነ፣ ነፋስ ከፊቷ ሲመጣ እንኳ ግራና ቀኝ እየታጠፈች ወደ ፊት መጓዝ ትችል ነበር። የባሕር ካርታቸው ግን ባርቶሎሜዎ ዲያስ በ1488 ከደረሰበት ጠረፍ ወዲያ በራሳቸው መርከብ የተለካ አልነበረምና፣ የጎደለውን ዕውቀት ያገኙት የማሊንዲ ንጉሥ ከሰጣቸው የባሕር መሪ ነው።

መሪው ዘመነ ነፋሱን ጠንቅቆ ያውቅ ስለነበር፣ ሚያዝያ 24 ቀን ተነሥተው፣ ከደቡብ ምዕራብ በሚነሣው ነፋስ እየተገፉ፣ ባሕረ ህንድን ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ተሻገሩ። ሲመለሱ ግን፣ ኮምፓሱም መርከቦቹም እነዚያው ሳሉ፣ ነፋሱ ሳይመቻች በጥቅምት መጀመሪያ ስለ ተነሡ ያው ባሕር ሦስት ወር ያህል ፈጀባቸው፤ ድድ በሚያሳብጠው ደዌም ብዙ መርከበኞች አለቁ። ከማሊንዲ በስተ ደቡብ ሳን ራፋኤል የተባለችውን መርከብ በእጃቸው አቃጠሏት፤ የሚነዳት በቂ ሰው አልቀረምና።