የአላባ ምጣኔ፦ ከሦስት ቤት የትኛው ቀድሞ ይሸጥ?

ከእንጦጦ ግርጌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ላይ፣ አንድ ዋና ቤትና አምስት ሰርቪስ ክፍሎች ያሉበት ግቢ አለ እንበል። የግቢው ባለቤት መገናኛ አጠገብ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ፣ የካ አባዶ ደግሞ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም አላቸው። የአምስት ዓመት የሽያጭ ዕገዳው አልፎታል። ሦስቱንም ያከራያሉ። አሁን ገንዘብ ስላስፈለጋቸው አንዱን መሸጥ አለባቸው። ደላላው አፓርታማው ቶሎ ይሄዳል ይላል፤ ልጆቻቸው ግቢው ሰልችቶናል ይላሉ፤ እሳቸው ደግሞ ብዙ ኪራይ የሚያስገባውን ግቢ መንካት አይፈልጉም።

የንብረት ነጋዴዎች ይህን ጥያቄ የሚመልሱበት መለኪያ በእንግሊዝኛ ካፒታላይዜሽን ሬት፣ ባጭሩ ካፕ ሬት ይባላል። ቤቱ በዓመት ካስገባው ኪራይ ራሱን ለማቆም የበላው ወጪ ይቀነስና፣ የቀረው ቤቱ ዛሬ ለሚያወጣው ዋጋ ይካፈላል። በአማርኛ የአላባ ምጣኔ ልንለው እንችላለን።

ለምን አላባ? «ወለድ» ቢባል አበዳሪና ተበዳሪ ይመጣል፤ እዚህ ብድር የለም። «ትርፍ» ሲባል ደግሞ ሸጦ ያገኙት ይመስላል፤ በአዲስ አበባ ጆሮ ላይም «ትርፍ ቤት» ሌላ ታሪክ ይቀሰቅሳል፦ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሱትን ቤቶች። አላባ ግን ከሕግ መጽሐፋችን የተገኘ ቃል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሌላ ሰው ንብረት ተጠቅሞ ፍሬውን የመውሰድ መብትን የአላባ መብት ይለዋል። ንብረቱ ሳይነካ በየዓመቱ የሚያፈራው ነገር አላባው ነው። ምጣኔ ሲጨመርበት፣ ፍሬው ከዛፉ ዋጋ አንጻር ስንት እንደሆነ ይነግራል።

ወደ ባለቤቷ እንመለስ። ቁጥሮቹ ለስሌት የተመረጡ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ ማሳያ አይደሉም።

ግቢው በወር 50,000 ብር ያስገባል፤ ግማሹ ከዋናው ቤት፣ ግማሹ ከአምስቱ ክፍሎች። በዓመት 600,000 ነው። አፓርታማው በዓመት 420,000፣ ኮንዶሚኒየሙ 168,000 ያስገባል። እዚህ ላይ ቢቆሙ ግቢው ንጉሥ ነው።

ወጪው ሲቀነስ ነገሩ ይለወጣል። ከግቢው ላይ የዘበኛ ደመወዝ 84,000፣ ባለቤቷ በአንድ ቆጣሪ የሚከፍሉት ውሃና መብራት 60,000፣ ጥገና 110,000፣ የቤትና የቦታ ግብር 16,000 ይነሳል። ተከራይ ወጥቶ ሌላ እስኪገባ ክፍሎቹ ባዶ የቆሙበትም 30,000 ነው። ብዙ አከራይ ይህን የመጨረሻውን በወጪነት አይመዘግበውም፤ ከኪስ የወጣ ብር ስለሌለ አይታወሰውም። ድምሩ 300,000 ይሆናል፣ የቀረውም 300,000 ነው። አፓርታማው ለሊፍት፣ ለጥበቃና ለጄኔሬተር የሚከፈለውን ጨምሮ 120,000 ይበላል፤ ከእሱም የሚቀረው ያው 300,000 ነው። ኮንዶሚኒየሙ 36,000 ብቻ ወስዶ 132,000 ይተዋል።

አሁን በዋጋው ይካፈል። ግቢው 12 ሚሊዮን ቢያወጣ አላባው 2.5 በመቶ ነው። አፓርታማው በ10 ሚሊዮን 3 በመቶ፣ ኮንዶሚኒየሙ በ3.3 ሚሊዮን 4 በመቶ ይሆናል። ብዙ ኪራይ የሚያስገባው ግቢ መጨረሻ ወጣ፤ ትንሹ ኮንዶሚኒየም አንደኛ ሆነ። በዚህ ስሌት መጀመሪያ የሚሸጠው ግቢው ነው።

ግን አንድ ቤት ደካማ ሲመስል፣ ከመሸጡ በፊት በየክፍሉ መፈታት አለበት። የግቢው ሒሳብ ሲነጠል ዋናው ቤት 300,000 አስገብቶ ያወጣው 80,000 ብቻ ነው። አምስቱ ክፍሎች ግን 300,000 አስገብተው 220,000 በልተዋል። ውሃና መብራቱ፣ ባዶ የቆሙት ወራትና ከጥገናው 80,000ው የእነሱ ነው፤ የዘበኛውንና የግብሩን ግማሽም ይሸከማሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል በዓመት የሚተወው 16,000 ብር ነው። ችግሩ ግቢው ሁሉ ላይ ሳይሆን ከጓሮ በኩል ነው ያለው።

እዚያም ቢሆን ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል። የመጀመሪያው ጥገናው ነው። ከ80,000ው ውስጥ 60,000ው በክረምቱ ጎርፍ የተናደውን የድጋፍ ግንብ ለመሥራት የወጣ ነው። እንጦጦ ሥር ተዳፋት ላይ ያለ ቤት እንዲህ ያለ ወጪ አልፎ አልፎ ይገጥመዋል፣ በየዓመቱ ግን አይደለም። አዲሱ ግንብ አሥር ዓመት ይቆማል ከተባለ የዚህ ዓመት ድርሻው 6,000 ነው። የግቢው ቀሪ ወደ 354,000 ከፍ ይላል፤ ምጣኔው 2.95 በመቶ ሆኖ ከአፓርታማው ጋር ሊተካከል ምንም አይቀረውም። የአንድ ዓመት ደብተር ብቻ ይዞ የሚወስን ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሦስት ዓመት ደረሰኝ ጎን ለጎን ሲቀመጥ የትኛው ወጪ እንደሚደጋገምና የትኛው አንዴ እንደመጣ ይለያል።

ሁለተኛው ቆጣሪው ነው። ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ቢገባና ተከራዩ የራሱን ቢከፍል ሌላ 60,000 ይተርፋል፤ ምጣኔው 3.45 በመቶ ደርሶ አፓርታማውን ያልፋል። ይህ ግን ገና በእጅ የገባ ገንዘብ አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆንና ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲደረግ ደንግጓል። አከራይዋ ወጪ በዛ ብለው ኪራይ መቆለል አይችሉም፤ የውሃና የመብራቱን ነገር የሚያነሱትም ውል በሚታደስበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሁለት ስሌት ይያዛል፦ አንዱ ዛሬ ያለው፣ ሌላው ውሎቹ ሲታደሱ የሚሆነው።

ማካፈያው ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ደላላው የጠራው ዋጋ ገዢ ከሚከፍለው ይለያል፤ ገዢ ከሚከፍለውም የሻጭ እጅ የሚገባው ያንሳል። አዋጅ ቁጥር 979/2008 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሸጥ በተገኘው የዋጋ ዕድገት ላይ 15 በመቶ ግብር ደንግጓል። ከረጅም ጊዜ በፊት በርካሽ የተሠራው ግቢ ዕድገቱ ሰፊ ስለሆነ ግብሩም ይከብዳል። ዘግይቶ የተገዛው አፓርታማ ግን ጥቂት ነው የሚከፍለው። ይህ ሲታሰብ ሚዛኑ ይበልጥ ወደ አፓርታማው ሽያጭ ያጋድላል።

ምጣኔው የማያየውም አለ። የገቢ ግብርና የባንክ ዕዳ ከሒሳቡ ውጭ ናቸው፤ ምክንያቱም መለኪያው ቤቱን እንጂ ባለቤቱን አይመዝንም። የቤቱ ዋጋ ወደፊት መውጣቱንም አይቆጥርም። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ካደረገው ወዲህ 3 በመቶ አላባ ያለው ቤት ከባንክ ደብተር ያነሰ ይመስላል። ብር ሲረክስ ግን የቤቱ ዋጋ ይወጣል፣ ደብተሩ ውስጥ ያለው ብር ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ምጣኔው ቤትን ከባንክ ጋር ለማወዳደር ሳይሆን፣ በአንድ ከተማ ያሉ ቤቶችን እርስ በርስ ለማሰለፍ ነው ይበልጥ የሚጠቅመው።

በባለቤቷ ሰልፍ ኮንዶሚኒየሙ ከፊት ቆሟል፣ አይነካም። ግቢውና አፓርታማው ዛሬ እኩል ናቸው፤ ግብሩና ቆጣሪው ግን ግቢውን እንዲያቆዩት ይመክራሉ። ለደላላው የሚሰጠው ቁልፍ የመገናኛው ነው፤ ወደ ፈረንሳይ የሚላከው ደግሞ አምስት ንዑስ ቆጣሪ የሚገጥም ኤሌክትሪሻን።