መሃሉ የት ነው?

አንዲት የጎፋ እናት ስትሮክ መትቷቸው ታክመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ እንበል። የተጎዳው የአንጎላቸው ቀኝ ወገን ነው፤ ከጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ያለው፣ ፓሪየታል የሚባለው ክፍል። ልጃቸው በግራቸው ተቀምጣ «እማዬ፣ ቆሎ ልስጥሽ?» ስትላቸው ፊታቸውን ወደ ቀኝ አዙረው ይፈልጓታል። የክፍለ ከተማውን ሰሌዳ አንብቡ ሲባሉ «ንፋስ ስልክ ላፍቶ» ከሚለው «ላፍቶ»ን ብቻ ያነባሉ። ዓይናቸው ግን ጤነኛ ነው። የጠፋባቸው ማየት ሳይሆን፣ በግራ በኩል የሚታይ ነገር መኖሩን ልብ ማለት ነው።

በሌላ አገር ሆስፒታል ይህ ችግር ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከሳህን ላይ ነው፤ ሕመምተኛው የቀኙን ግማሽ በልቶ የግራውን ይተዋል። እኛ ዘንድ ግን መሶቡን ከበን ስለምንበላ፣ እሳቸው የተዉትን ሌላው ያነሳዋል፤ ምልክቱም አብሮ ይነሳል። ስለዚህ አንድ ወረቀትና እርሳስ የሚያወጡትን ምስጢር ማወቅ ለእኛ ይበልጥ ያስፈልገናል ባይ ነኝ።

የሕመሙ ታሪክ የሚጀምረው መንገድ ከመሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 የለንደኑ ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን፣ በደንብ ወደምታውቀው መናፈሻ ስትሄድ መንገዱ የጠፋባትን ሴት ጉዳይ ጻፈ፤ በአንጎሏ ቀኝ የኋላ ክፍል ዕጢ ነበረባት። ራስል ብሬን ደግሞ በ1941 በገዛ ቤታቸው ውስጥ የሚጠፉ ሕመምተኞችን ገለጠ። ወደ ግራ መታጠፍ ሲገባቸው ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። ብሬን ይህን ከዕውርነትም፣ ግራና ቀኝን ካለመለየትም ነጥሎ ከቀኝ ፓሪየታል ጉዳት ጋር አያያዘው።

ለምን ግን ቀኝ አንጎል ሲጎዳ ግራ ይጠፋል? እያንዳንዱ የአንጎል ወገን በዋናነት ተቃራኒውን ጎን ይቆጣጠራል፤ ይህ ብቻ ቢሆን ግን የግራ አንጎል ጉዳት በቀኝ በኩል ያን ያህል ከባድና የማይለቅ መዘንጋት ያስከትል ነበር። አያስከትልም። በ1980ዎቹ መባቻ ኬኔዝ ሃይልማንና ማርሴል መሱላም የሰጡት ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ ግራ አንጎል ትኩረቱን የሚልከው በአብዛኛው ወደ ቀኝ ነው፤ ቀኝ አንጎል ግን ሁለቱንም ጎን ይጠብቃል። ግራው ቢጎዳ ቀኙ ይሸፍንለታል፤ ቀኙ ሲጎዳ ግን ለግራው ጎን ዘብ የሚቆም አይገኝም። ማርሴል ኪንስቡርን ደግሞ ሁለቱ ወገኖች እንደ ገመድ ጉተታ ይሳሳባሉ ባይ ነበር፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ሁሉን ወደ ራሱ አቅጣጫ ይጎትታል።

ይህን ጉተታ በሚሊሜትር የሚያሳየው መስመር ማጋመስ ነው። ወረቀቱ ከሕመምተኛው ደረት ትይዩ ይቀመጣል፤ እንዳያንቀሳቅሱት ይያዛል። በላዩ 20 ሳንቲ ሜትር አግድም መስመር ተሰምሯል፤ «መሃሉ ላይ ምልክት ያድርጉ» ይባላሉ። የጎፋዋ እናት ከግራው ጫፍ 13 ሳንቲ ሜትር ርቀው ምልክት ቢያደርጉ፣ ከእውነተኛው መሃል በ3 ሳንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ስተዋል ማለት ነው፤ ይህም የግማሹ መስመር 30 በመቶ ነው። ጤነኛ ሰው የሚስተው በጥቂቱ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ወደ ግራ። አንድ መስመር ግን አያስተማምንም። መስመሩ ሲረዝም ስህተቱ ያድጋል፤ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል አጭር ሲሆን ደግሞ፣ ማርሻልና ሃሊጋን በ1989 እንዳሳዩት፣ ምልክቱ ወደ ግራ ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ ርዝመታቸው የተለያየ መስመሮች በገጹ ግራ፣ መሃልና ቀኝ ይበተናሉ። በግራ ያሉት ሳይነኩ ከቀሩ እሱም ራሱ ምልክት ነው።

ፈተናው ከዕይታ ጉድለት ይለያል ወይ? ይለያል፤ ደስ የሚለኝም ይሄ ነው። የግራ ዕይታው ግማሽ የጠፋበት ሰው፣ አክሰንፌልድ በ1894 እንደጻፈው፣ ወደማያይበት ወደ ግራ ይስታል፤ ግራን የዘነጋው ወደ ቀኝ። ሁለቱም ሕመም ያለበት ሰው ግን ወደ ቀኝ የባሰ ይስታልና ውጤቱን ብቻውን ማመን አይገባም። መስመሩን በትክክል አጋምሶ፣ በወረቀት ላይ የተበተኑ ምልክቶችን ሰርዝ ሲባል የግራዎቹን የሚተውም አለ።

የቀኝ ፓሪየታል ድርሻ በቀጥታም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 ፈረንሳይ ውስጥ ነቅተው ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸው ሁለት ሰዎች መስመር ሲያጋምሱ ቀኝ ፓሪየታላቸው በኤሌክትሪክ ለጥቂት ጊዜ ተነካ፤ ምልክታቸው ወዲያው ወደ ቀኝ ሸሸ። ከሁሉም የባሰው ፓሪየታሉን ከግንባር አንጎል የሚያገናኘው የነርቭ ገመድ ሲነካ ነበር።

የጎፋዋ እናት መስመር ግራ ጫፍ ላይ «ሀ» ጻፉና መጀመሪያ ፊደሉን እንዲያነቡት ጠይቁ። አንብበውት መልሰው ሲያጋምሱ፣ ምልክታቸው ወደ መሃሉ ይጠጋል።